ስለ ልማደ አንስት ለልጃገረድ ተማሪዎች የተሰጠ ዲስኩር



በነርስነት ሙያ ስሠራ በኖርሁበት ዘመን ከእናንተ ዕድሜ ካሉ ልጃገረዶች ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚበዛው፣ ራስን አቀርቅሮ የሹራብን እጅጌ በጣት እየጠቀለሉ ከብዙ ዝምታ በኋላ የሚጠየቀው፣ «ሲስተር፣ የእኔ ግን ጤነኛ ነው?» የሚለው ነው። ነገሩ የወር አበባ፣ መጻሕፍት ልማደ አንስት የሚሉት መሆኑን ጠያቂይቱ በአፏ አታወጣውም፤ እኔም ከአቀራረቧ ስለማውቀው «ምኑ?» ብዬ አላስጨንቃትም። ይህን ጥያቄ በትክክል ለመመለስ ግን ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ አንደኛው የጤነኛው ልክ ከየት እስከ የት እንደሆነ ማወቅ፣ ሁለተኛው የራስን ልክ ማወቅ ነው። የመጀመሪያውን እኔ ዛሬ እነግራችኋለሁ፤ ሁለተኛውን ግን ከእያንዳንዳችሁ በቀር የሚያውቀው የለም፤ የተማረ ሐኪም ቢሆንም እንኳ እናንተ ካልነገራችሁት በቀር ምን ያህል ቀን እንደፈሰሳችሁና ምን ያህል እንዳመማችሁ በምርመራ ሊደርስበት አይችልም።

በቅድሚያ ደሙ ከወዴት እንደሚመጣ እንመልከት። ልጃገረድ ለአካለ መጠን መድረስ ስትጀምር ከአንጎል ሥር ያለች አንዲት ትንሽ ዕጢ በደም በኩል መልእክት ትልክና በሆድ ውስጥ በማኅፀን ግራና ቀኝ ያሉትን፣ እንቁላል የሚያመነጩትን ሁለቱን ዕጢዎች ታነቃቃለች፤ እነርሱም በተራቸው ሆርሞን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሲያፈልቁ የማኅፀን ውስጠኛ ልባስ ምናልባት ጽንስ ቢመጣ እንዲቀበል ሆኖ ይወፍራል። ጽንስ ካልመጣ ግን ሆርሞኑ ይቀንሳል፤ ያ የወፈረው ልባስም ተልጦ ከጥቂት ደም ጋር ይወርዳል። እንግዲህ የወር አበባ ማለት ይህ ነው፤ መርዝ አይደለም፣ የተበላሸ ደምም አይደለም፤ ከጣታችሁ ብትቈርጡ ከሚወጣው ደም የሚለየው ከልባሱ ጋር የተቀላቀለ በመሆኑና ቀስ ብሎ በሚወርድበት ጊዜ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ወደ ቡናማነት በመለወጡ ብቻ ነው።

አብዛኞቹ ልጃገረዶች የመጀመሪያውን ደም የሚያዩት ከ10 እስከ 15 ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው። በዚህ ላይ በአንዳንድ የገጠር አገር እስካሁን ያልጠፋ አንድ ክፉ ስሕተት አለ፤ ይኸውም የወር አበባ ከወንድ ጋር ከመገናኘት የሚመጣ ነው ብሎ ማመን ነው። በዚህ እምነት የተነሣ ልጂቱ ደም ባየች ጊዜ ክብረ ንጽሕናዋን እንዳጣች ተቈጥሮ የተደበደበች፣ ወይም «ደርሳለች» ተብሎ በጥድፊያ ለባል የተሰጠች አለች፤ ይህንንም የምታውቅ ታናሽ እኅቷ የራሷ ጊዜ ሲደርስ ለእናቷ እንኳ ሳትናገር ትደብቀዋለች። ስለዚህ በግልጽ ልናገረው፤ የመጀመሪያውን ደም የሚያመጣው የሆርሞን ሥራ እንጂ የወንድ መቅረብ አይደለም፤ ድንግል የሆነች ልጅ ደም ታያለች፣ ደም በማየቷም ከድንግልናዋ የሚጐድል አንዳች ነገር የለም። ከእናንተ መካከል ገና ያላየች ብትኖርም አትደንግጥ፤ ነገር ግን 15 ዓመት ሞልቷት ያላየች፣ ወይም ጡቷ ማጐጥጐጥ ከጀመረ 3 ዓመት አልፎ ያላየች ልጅ ወደ ነርስ ቀርባ መመርመር ይገባታል። ከዚህም ይልቅ የሚያሳስበው፣ ደም ጨርሶ ሳታይ በየወሩ ሆዷን ቁርጠት እየመላለሰ የሚያሠቃያት ልጅ ነገር ነው፤ ይህች ልጅ ደሙ ሳይኖራት ቀርቶ ሳይሆን መውጫው ተዘግቶ በውስጥ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላልና፣ ዕድሜዋ 13ም ቢሆን ሳትቈይ ትታይ። በሕፃንነታቸው የግርዛትና የመስፋት ጉዳት የደረሰባቸው ልጆችም እንዲሁ ደሙ በጠባብ ቀዳዳ እየተንጠባጠበ ሲዘገይባቸውና ሲያሠቃያቸው፣ ጥፋቱ የእነርሱ እንዳልሆነ አውቀው ለነርስ ይንገሩ፤ በጥበበ ሕክምና ሊረዱ ይችላሉ።

አሁን ወደ ቈጠራው እንምጣ። የወር አበባ ዙር የሚቈጠረው ደሙ ከቆመበት ቀን ጀምሮ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው፤ እንዲህ ስለሚቈጥሩም «በየሦስት ሳምንቱ ይመጣብኛል» እያሉ ያለ ነገር ይሠጋሉ። ትክክለኛው ቈጠራ ደም ከታየበት ከመጀመሪያው ቀን እስከ የሚቀጥለው የመጀመሪያ ቀን ድረስ ያለው ነው። በዚህ ረገድ እኛ ኢትዮጵያውያን ከብዙ ሕዝብ ይልቅ ቀሎልናል፤ ወራቶቻችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ ከአንዱ ወር ቀን እስከ የሚቀጥለው ወር ተመሳሳይ ቀን ሁልጊዜ 30 ነው፤ ከነሐሴ ወደ መስከረም በምትሻገሩበት ጊዜ ብቻ የጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን መጨመር አትርሱ። ለምሳሌ አንዲት ልጅ በደብተሯ መጨረሻ ገጽ መስከረም 12፣ ጥቅምት 18፣ ኅዳር 11፣ ታኅሣሥ 22 ብላ ጽፋ ብትመጣ፣ የመጀመሪያው ዙር 36፣ ሁለተኛው 23፣ ሦስተኛው 41 ቀን መሆኑን አብረን እንቈጥራለን። እርሷ «ተዘበራርቆብኛል» ብላ አልቅሳ ይሆናል፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ እመልሳታለሁ፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ደም በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ውስጥ ከ21 እስከ 45 ቀን ያለው ዙር ሁሉ ጤነኛ ነው። በእነዚያ ዓመታት እንቁላል በየወሩ መውጣት ገና ስላልለመደ ቀኑ ይዋዥቃል፤ ጊዜ ሲያልፍ ይረጋል። ሳይመጣ ከ3 ወር በላይ የቈየባት፣ ወይም ከ21 ቀን ባነሰ ጊዜ እየተመላለሰ ያስቸገራት ልጅ ግን ደብተሯን ይዛ ትምጣ።

የቀኑን ነገር በዚህ ትቼ ወደ መጠኑ ልሻገር፤ ብዙ ልጆች ሳያውቁት የሚጐዱበት ይህ ነውና። ደሙ ብዙ መስሎ ቢታይም ጤነኛ ልጃገረድ ከ2 እስከ 7 በሚደርሱ ቀናት ውስጥ የምታጣው ሁሉ ተደምሮ ከቡና ሲኒ እኩሌታ ብዙም አይበልጥም፤ አንድ ሙሉ ሲኒ የሚያህል ወይም የሚበልጥ ከሆነ ግን ከመጠን ያለፈ ይባላል። በሲኒ የሚሰፍረው የለምና ሌላ መስፈሪያ ያስፈልገናል፤ እርሱም ሞዴሱ ወይም ጨርቁ ነው። በቀን ከ3 እስከ 6 ሞዴስ የምትለውጥ፣ ከእነዚህም አብዛኛውን ለንጽሕና ብላ እንጂ ሞልቶ ስለ ፈሰሰ የማትለውጥ ልጅ በልኩ ላይ ናት።

ስለ ጨርቅ ስናገር ሞዴስ መግዣ የሌላቸውን አስቤ ነው፤ በአግባቡ የተያዘ ጨርቅ ከሞዴስ የሚያንስ አይደለምና ማንም በእርሱ ልታፍር አይገባትም። በዚህ ነገር በተግባር ያገለገለች አንዲት የአገራችን ሴት አለች፤ ኬሚካል መሐንዲስዋ ፍሬወይኒ መብራህቱ ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግል ሞዴስ ንድፍ አውጥታ በመቀሌ ማርያም ሰባ የተባለውን ፋብሪካ አቋቋመች፤ በዚህም ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ሲኤንኤን የተባለው የዜና ድርጅት የዓመቱ ጀግና ብሎ ሸልሟታል። ይህ ዓይነቱ ሞዴስ በጥንቃቄ ከተያዘ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ያንን ያላገኘች ልጅ ከአሮጌ ጥጥ፣ ለምሳሌ ካለቀ ነጠላ ወይም አንሶላ፣ ራሷ ልታዘጋጅ ትችላለች፤ አዲስ አቡጀዲ ከሆነ ያለበት ሙጫ ደሙን አልመጥም ስለሚል አስቀድሞ ደጋግሞ መታጠብ አለበት፤ ናይሎንና እርሱን የመሰለው ጨርቅ ግን ደሙን ስለማይመጥና ቈዳን ስለሚያልብ አይሆንም። ጨርቁ ከአንድ ስንዝር ትንሽ ረዘም ብሎ ስድስትና ሰባት እጥፍ ያህል ይታጠፋል፤ ከውስጥ ሱሪው ጋርም በፊትና በኋላ በመርፌ ቁልፍ ይያዛል፤ የመርፌው ጫፍ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ገላ መዞር የለበትም።

አጠባው የራሱ ሥርዓት አለው። ብዙ እናቶች የበለጠ ይነጻል ብለው ፍል ውኃ ያፈስሱበታል፤ ይህ ስሕተት ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሙቀት ሲያገኘው ረግቶ ከክሩ ጋር ይጣበቅና እድፉ የማይለቅ ይሆናል። አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ከዚያም በልብስ ሳሙና አሽቶ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ማለቅለቅ ነው፤ ሳሙናው ያልለቀቀ ጨርቅ ገላን ያሳክካል። ከሁሉ ይልቅ ግን የምለምናችሁ ስለ ማድረቁ ነው። ሰው እንዳያየው እየተባለ ከፍራሽ ሥር ወይም ከአልጋ ጀርባ በጨለማ የሚሰጣው ጨርቅ ሳይደርቅ ውሎ ያድርና ሻጋታ ያበቅላል፤ ያንን እርጥብ ጨርቅ የታጠቀች ልጅም በጭኗ መካከል ትቀላለች፣ ያሳክካታል፣ ትቈስላለች፤ እርሷ ግን ከወር አበባው የመጣ መስሏት ትችለዋለች። ፀሐይ በነፃ የተሰጠን መድኃኒት ናትና ጨርቃችሁን በግልጽ ከልብሳችሁ ጋር አስጡት፤ ካፈራችሁም በስስ ነጠላ ሸፍኑት። በክረምት ፀሐይ በማይገኝበት ጊዜ በካውያ እስኪደርቅ ተኩሱት፤ የደረቀውንም በንጹሕ ከረጢት አኑሩት። አንድ ልጅ ሳትቸገር ለመለዋወጥ 6 ወይም 8 ያህል ያስፈልጓታል።

በትምህርት ቀን ጊዜውን እንዲህ ብትከፍሉት ይበጃል፤ ጧት 1 ሰዓት ከቤት ስትወጡ አዲስ አድርጋችሁ፣ ቀትር ላይ በ6 ሰዓት ለውጣችሁ፣ ቤት ስትገቡ ደግማችሁ፣ ከመኝታም በፊት እንደገና። ባይሞላም እንኳ ከ6 ሰዓት በላይ መቈየት የለበትም። ያገለገለ ሞዴስ በወረቀት ተጠቅልሎ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይገባል እንጂ ወደ ሽንት ቤት አይጣልም፤ በውኃ የሚሠራውን ቱቦ ይዘጋል፣ የጕድጓዱንም ቶሎ ይሞላል፤ በውስጡ ያለው ላስቲክ አይበሰብስምና።

እንግዲህ ከመጠን ያለፈውን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። 15 ዓመት የሆናት አንዲት ልጅ እናስብ፤ በደብተሯ ጥር 4 ጀመረ፣ ጥር 13 ቆመ የሚል ጽሑፍ አለ፤ 10 ቀን ፈሰሳት ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ጧት 1 ሰዓት ላይ የለበሰችው ሞዴስ 2 ሰዓት ተኩል ሳይሆን ሞልቶ ዩኒፎርሟን ይነካል፤ ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሥታ ትለውጣለች፤ ባለ አንድ ብር ሳንቲም የሚያህል የረጋ ደምም ይወርዳታል። ቀን ስትቈጥር ከጥር 4 እስከ የካቲት 1 ድረስ 27 ቀን ስለሆነ ዙሩ እንከን የለበትም፤ ስለዚህም ቤተ ሰቡ «የሴት ነገር ነው፣ ቻይው» ብሏታል። እርሷ ግን ዳገት ስትወጣ ልቧ ይመታል፣ ትንፋሿ ያጥራል፣ በክፍል ውስጥ ዓይኗ ይከደናል፤ መምህሩም ስንፍና መስሎት ይቈጣታል፤ ከዚህም ሌላ ለማንም ያልተናገረችው አንድ ምስጢር አለ፤ አፈር መብላት ያምራታል።

ይህች ልጅ ወደ ክሊኒክ ስትመጣ ነርሷ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገልብጣ ታያለች፤ ቀይ መሆን ሲገባው ነጥቶ ታገኘዋለች። ቀጥላም አፍንጫዋ ይደማ እንደሆነ፣ በመፋቂያ ስትፍቅ ድዷ ይደማ እንደሆነ፣ ጥርስ ተነቅላ ደሙ አልቆም ብሏት እንደሆነ፣ እናቷ ወይም እኅቷም እንደ እርሷ ይፈስሳቸው እንደሆነ ትጠይቃታለች፤ ደም ቶሎ የማይረጋበት በዘር የሚወረስ ሕመም አለና፣ ብዙ ጊዜም መጀመሪያ የሚገለጠው በወር አበባ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ትልካታለች። ሄሞግሎቢን የሚባለው፣ ደምን ቀይ የሚያደርገውና አየር የሚሸከመው ነገር፣ በእናንተ ዕድሜ ከ12 ማነስ የለበትም፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ደግሞ ከዚያም ጥቂት ከፍ ማለት ይገባዋል፤ የእርሷ 8 ነጥብ 6 ሆኖ ተገኘ እንበል። የደም ማነስ ነው፤ ምክንያቱም የሚፈስሰው ደም ይዞት የሚወርደው ብረት በምግብ ከምታገኘው ስለ በለጠ ነው።

የሚሰጣት የብረት ማዕድን ክኒን ነው። በውኃ ወይም በሎሚ ጭማቂ ትውሰደው፤ ከሻይ፣ ከቡናና ከወተት ጋር ግን አትውሰደው፤ እነዚህ ብረቱን ከሰውነት እንዳይዋሐድ ይከለክሉታልና። ዓይነ ምድሯ ይጠቍራል፤ ይህ ብረቱ የሚያመጣው እንጂ ክፉ ምልክት አይደለም፤ ብዙዎች ግን በዚህ ደንግጠው መድኃኒቱን ይጥሉታል። ከ4 ሳምንት በኋላ ስትመረመር ሄሞግሎቢኗ ከ1 እስከ 2 ከፍ ማለት አለበት፤ ከፍ ካላለ ወይ አልወሰደችውም፣ ወይ ደሙ እንደ ድሮው እየፈሰሰ ነው፣ ወይ የአንጀት ትልን የመሰለ ሌላ ምክንያት አለ። ደሟ ወደ ልኩ ከተመለሰ በኋላም የጐደለው ክምችት እንዲሞላ 3 ወር ያህል ትቀጥላለች። የሚፈስሰውን የሚቀንስ መድኃኒትም ሐኪሙ ያዝላታል፤ በራሷ ፈቃድ አስፒሪን እንዳትውጥ ግን ትጠንቀቅ፤ አስፒሪን ደምን ያቀጥናልና መፍሰሱን ያብሰዋል። ምግቧም ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ ይሁን፤ ሎሚ ቢጨመርበት ብረቱ ይበልጥ ይዋሐዳል፤ ቡናውም ከምግቡ አንድ ሰዓት ይራቅ። ሥጋና ጉበት ከሁሉ ይልቅ ቢጠቅሙም በጾም ወራት ያለች ልጅ የንስሐ አባቷን ታማክር፤ ሕመሟን ከነገረቻቸው እንድትታከምና እንድትመገብ ሊፈቅዱላት ይችላሉ።

በወንጌል የተነገረላትን፣ 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችውንና ያላትን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች የጨረሰችውን ሴት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከመጠን ያለፈ ደም ሕመም መሆኑን የጥንት ሰዎች እንኳ ያውቁት ነበር፤ ልጃገረድን «ቻይው» የሚለው ምክር ከእነርሱ ዕውቀት እንኳ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከ7 ቀን በላይ የሚፈስሳት፣ ወይም አንዱ ሞዴስ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ እየሞላ ለብዙ ሰዓት የሚቀጥልባት ልጅ በዚያው ሳምንት ትታይ፤ ይህን እያየች ራሷን የሚያዞራት ወይም ራሷን የምትስት ከሆነ ግን በዚያው ሰዓት ትወሰድ።

ስለ ሕመሙ ደግሞ ጥቂት ልናገር። ልባሱ በሚላጥበት ጊዜ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ይህም ማኅፀንን እያኰማተረ ደሙን ያስወጣል፤ ቁርጠቱ፣ የወገቡ ሕመም፣ አንዳንድ ጊዜም ማስመለሱና ተቅማጡ ከዚህ የመጣ ነው። ተራው ቁርጠት ደሙ ሲጀምር ወይም ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ይነሣል፤ በመጀመሪያው ቀን ይበረታል፤ ከሦስተኛው ቀን አያልፍም። ፓራሲታሞል ሕመሙን ጥቂት ያበርደዋል፤ አይቡፕሮፌን ግን ፕሮስታግላንዲኑን ከምንጩ ስለሚያግደው ለዚህ ሕመም ይሻላል፤ የሚረዳውም ሕመሙ እስኪበረታ ሳይጠበቅ ገና ሲጀምር፣ ምግብ ከተበላ በኋላ ሲወሰድ ነው። የጨጓራ፣ የኩላሊት ወይም የአስም ሕመም ያለባት ልጅ አትውሰደው፤ ሌሎቻችሁም መጠኑን ነርሷ ትወስንላችሁ እንጂ ከጓደኛ እየተቀበላችሁ አትዋጡ። ሙቀትም ይጠቅማል፤ ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሞልታችሁ፣ ገላችሁን እንዳያቃጥል በፎጣ ጠቅልላችሁ ከእንብርታችሁ በታች ያዙት። ይህ ሁሉ ተደርጎ በየወሩ ከትምህርት የሚያስቀራችሁ ከሆነ፣ ወይም ደሙ ከቆመ በኋላ የሚያማችሁ፣ በአንድ ወገን ብቻ የሚወጋችሁ፣ ትኩሳት የሚጨምርባችሁ ከሆነ ተራ ቁርጠት አይደለምና ነርስ ትየው።

በወር አበባ ጊዜ ገላ መታጠብ ደሙን ያግዳል ወይም ያሳምማል የሚባለው መሠረት የለውም፤ ይልቁንም በየቀኑ ልትታጠቡ ይገባል። ነገር ግን ውጩን በንጹሕ ውኃ ታጠቡ እንጂ ሳሙናም ሆነ ሽቱ ወደ ውስጥ አታግቡ፤ ውስጡ ራሱን የሚያጠራበት የራሱ ሥርዓት አለውና ሳሙና ያንን ያፈርሰዋል። ከሽንት ቤት በኋላም ከፊት ወደ ኋላ ጥረጉ። ከወር አበባ ውጭ የሚታየው ነጭ ወይም ጥርት ያለ ፈሳሽ ደኅና ነው፤ የሚያሳክክ፣ የሚከረፋ፣ እንደ አይብ የተቋጠረ ወይም ወደ አረንጓዴነት ያደላ ከሆነ ግን መድኃኒት አለውና አሳዩት።

ቤተ ክርስቲያን በእነዚህ ቀናት ሴት ከቤተ መቅደስ ውጭ ቆማ እንድትጸልይ ሥርዓት ሠርታለች፤ እስልምናም ሶላቱንና ጾሙን በዚያን ጊዜ ያነሣላታል። እነዚህ የየሃይማኖታችሁ ሥርዓቶች ናቸው፤ ዝርዝሩን ከአባቶቻችሁና ከእናቶቻችሁ ጠይቁ። ከትምህርት ገበታ ቅሩ፣ ከእኅቶቻችሁ ጋር አትብሉ፣ አትሩጡ የሚል ሥርዓት ግን ከሁለቱም በአንዱ የለም።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ መናገሩ ቢከብድም ዝም ብል ግዴታዬን አልተወጣሁም። ከወንድ ጋር የተገናኘች ልጅ፣ ወዳም ይሁን ተገድዳ፣ የምትጠብቀው ቀን በአንድ ሳምንት ካለፈባት የእርግዝና ምርመራ ታድርግ። ተገድዳ ከሆነ ደግሞ የወር አበባዋን እስክታይ አትጠብቅ፤ 3 ቀን ሳያልፍ ጤና ጣቢያ ከደረሰች ኤች አይ ቪንና እርግዝናን የሚከላከል መድኃኒት ይሰጣታል፤ ቶሎ በሄደች መጠንም የበለጠ ይሠራል። ነርስ የሰማችውን ምስጢር እንድትጠብቅ የሙያዋ ሕግ ያስገድዳታል፤ ጥፋተኛውም ያስገደዳት እንጂ እርሷ አይደለችም።

ልጆቼ፣ ዛሬ ማታ ከደብተራችሁ መጨረሻ አንድ ገጽ ለዚህ ለዩ፤ የጀመረበትን ቀን፣ የቆመበትን ቀን፣ በብዛት በፈሰሰበት ቀን የለወጣችሁትን የሞዴስ ወይም የጨርቅ ቍጥር ጻፉበት። ወደ ክሊኒክ ስትመጡም ያንን ገጽ ይዛችሁ ኑ፤ ነርሷ አስቀድማ የምትጠይቃችሁ «የመጨረሻው የወር አበባሽ የጀመረው በየትኛው ቀን ነው?» ብላ ነውና።